ግራና ቀኝ ክንዴ ለምን የተለያየ ግፊት ያሳያል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ በደም ግፊት ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ቤቱ መለኪያ ያለው ሰው እየበዛ ከመጣ ወዲህ አንድ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል። «ሲስተር፣ ግራው ሌላ ይላል፣ ቀኙ ሌላ ይላል፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?» ብዙ ጊዜ ማሽኑም ሰውየውም ደህና ናቸው። አንዳንዴ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነገር እየተናገረ ነው። ሁለቱን እንዴት እንደምንለይ ከዚህ በታች ጽፌያለሁ።

ሁለቱ ክንዶቼ እኩል አለማለታቸው በራሱ በሽታ ነው?

አይደለም። የላይኛው ቁጥር በ3፣ በ5 ወይም በ8 ቢለያይ የተለመደ ነው። ግፊት ከምት ወደ ምት ይለዋወጣል። ቀኙን ለክተው ወደ ግራው እስኪዞሩ አንድ ሁለት ደቂቃ ያልፋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ ራሱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሄዷል። አንዱን ክንድ ብቻ ሁለት ጊዜ ቢለኩም እኮ ተመሳሳይ ቁጥር ማግኘትዎ አይቀናም።

ግራ ክንድ ለልብ ስለሚቀርብ ግፊቱ ከፍ ይላል ይባላል። እውነት ነው?

ይህን ከታካሚም ከባለሙያም አፍ ሰምቼዋለሁ። ልክ አይደለም። ክንዱ ከልብ ጋር እኩል ከፍታ ላይ እስካለ ድረስ የጥቂት ሳንቲም መራቅና መቅረብ ግፊቱን አይቀይረውም። እንዲያውም በብዙ ሰው ላይ ትንሽ ከፍ የሚለው ቀኙ ነው። በየትኛው እጅ እንደሚጽፉም ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ልዩነቱ እውነተኛ ይሁን የአለካክ ስህተት እንዴት አውቃለሁ?

ሰው ተጨንቆ ወደ እኛ ከሚመጣባቸው ልዩነቶች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይጠፋሉ። ስለዚህ ረጋ ብለው ያንብቡት።

መጀመሪያ ዕረፍት። ከቀሃ እስከ ፒያሳ ያለውን አቀበት በእግር ወጥተው፣ ገና ሲቀመጡ ክንድዎን ቢዘረጉ የመጀመሪያው ክንድ ከፍ ይላል፣ ሁለተኛው ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ክንዱ አይደለም፤ ሰውነትዎ በመሀሉ አርፏል። 5 ደቂቃ ጸጥ ብለው ይቀመጡ። ጀርባዎ ይደገፍ፣ እግርዎ መሬት ይንካ፣ እግር አያነባብሩ። ቡና ከጠጡ ወይም ሲጋራ ካጨሱ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ሽንትዎ ከመጣ ቀድመው ይሽኑ። በሚለካበት ጊዜ አያውሩ። ቤት ውስጥ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጁም ጎረቤቱም ያወራዎታል። ግን ወሬ ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ቀጥሎ የክንዱ ከፍታ። ክንድዎ ከልብዎ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ የላይኛው ቁጥር ወደ 8 ገደማ ይጨምራል። ከፍ ካለ ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። አሁን አስቡት። ቀኝ ክንድ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ተለካ፣ ግራው ግን በጎን በኩል ድጋፍ አጥቶ ተንጠልጥሎ ተለካ። 8 ልዩነት ከምንም ተነስቶ መጣ። ሁለቱም ክንዶች ጠረጴዛ ወይም ትራስ ላይ ማረፍ አለባቸው፣ የሚታሰረው ጨርቅም ከጡት ጫፍ ትይዩ ይሁን።

ከዚያ ልብስ። የጎንደር ጠዋት ይበርዳል፣ ሰው ሹራብና ጋቢ ደርቦ ይመጣል። ጨርቁ በሹራብ ላይ ከታሰረ አይሆንም። እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቦ ክንድን ማነቅም አይሆንም፣ ከላይ ስለሚያስር ልኩን ያበላሻል። አንዱን እጅ ከልብሱ ማውጣት ይሻላል። ለሁለቱም ክንድ እንደዚያው። ክንድዎ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ትንሹ ጨርቅ ቁጥሩን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል፤ ትልቁን ጨርቅ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው። ቀኝ አንዴ፣ ግራ አንዴ ለክቶ ማቀናነስ አይበቃም። በተራ ይለኩ፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። በመሀላቸው አንድ ደቂቃ ይረፉ። የመጀመሪያውን ጥንድ ይተዉት፣ ሰውነት ገና ስላልረጋ። ከቀሩት ሁለት ጥንዶች የቀኙን አማካይ እና የግራውን አማካይ ወስደው ያወዳድሩ። የምናወዳድረው የላይኛውን ቁጥር፣ ማሽኑ ላይ SYS የሚለውን ነው።

ምሳሌ ልስጥ። አንድ መምህር «12 ይለያያል» ብለው ደንግጠው መጡ። ለካን። መጀመሪያ ቀኝ 148፣ ግራ 136፤ እውነትም 12። ቀጠልን። ሁለተኛ ቀኝ 138፣ ግራ 134። ሦስተኛ ቀኝ 136፣ ግራ 134። የመጨረሻዎቹን ሁለት ስናማክል ቀኝ 137፣ ግራ 134 ሆነ። ልዩነቱ 3 ብቻ ነው። 12 የመጣው ቀኝ ክንድ ቀድሞ፣ ሰውየው ገና ሳይረጉ ስለተለካ ነው። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚለካው ክንድ ከፍ ካለብዎ ይህንኑ ይጠርጥሩ። በሚቀጥለው ቀን በግራ ይጀምሩ። ከፍታው ወደ ግራ ከዞረ ጉዳዩ የተራ ጉዳይ ነው። ቀኙ አሁንም ከፍ ካለ ግን የእውነት ልዩነት ነው።

ሁለት ሰው፣ ሁለት ማሽን ኖሮ ሁለቱ ክንድ በአንድ ጊዜ ቢለካ ይበልጥ ጥሩ ነው። ታዲያ ማሽኖቹን አቀያይረው ይድገሙት፣ ማሽን ከማሽን ይለያያላ።

ስንት ሲሆን ነው መጨነቅ ያለብኝ?

ከላይ ባልኩት መንገድ ተለክቶ ልዩነቱ ከ10 በታች ከሆነ ነገሩን ይተዉት።

ከ10 እስከ 15 ባለው መካከል ከሆነ በሌላ ቀን ይድገሙት። ከተደጋገመ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የሚያስቸኩል አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ልዩነት ያላቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ይጋለጣሉ። ስለዚህ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ በደንብ የሚታዩበት አጋጣሚ ነው።

15 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ከጸና መመርመር አለበት። 20 ካለፈ ደግሞ ዝቅ ወዳለው ክንድ የሚሄደው ደም ቅዳ ቧንቧ፣ ማለትም ከልብ ደም የሚወስደው፣ ጠቦ እንደሆነ ይጠረጠራል። ቀጠሮዬ ከሦስት ወር በኋላ ነው ብለው አይጠብቁ።

ይህ ሁሉ ስለ ላይኛው ቁጥር ነው። የታችኛው ልዩነት ብዙም መመሪያ አይሆነንም።

የትኛውን ቁጥር ልያዝ? ዝቅ ያለው ደስ ይላል።

ከፍ ያለውን። ሁልጊዜ። ከጽሑፉ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙልኝ።

ምክንያቱን በምናውቀው ነገር ላስረዳ። አንድ ዋና የውሃ መስመር ለሁለት ቤት ይከፈላል። አንደኛው ቤት ውሃው በኃይል ይወርዳል። ሌላኛው ቤት መግቢያው ላይ ቧንቧው ዝጎ ጠቧል፣ ውሃው እየቀጠነ ይወርዳል። የዋናው መስመር ኃይል ስንት ነው ቢባል መልሱ ያለው የመጀመሪያው ቤት ነው። ክንድም እንደዚሁ ነው። ዝቅ ያለው ክንድ የሚነግረን ከጠበበው ቦታ ወዲህ የቀረውን ግፊት ነው። አንጎልዎ፣ ልብዎና ኩላሊትዎ የሚሸከሙት ግን ከፍ ያለውን ነው።

አንድ ታሪክ አለ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። አዘዞ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ስኳር አለባቸው። በሚመላለሱበት ቦታ ሁልጊዜ ግራ ክንዳቸው ነበር የሚለካው። ወንበሩ ለጠረጴዛው በግራ በኩል ነበርና፣ ሰልፉም ረጅም ነው፣ ማንም ክንድ አይመርጥም። ደብተራቸው ላይ 126፣ 130፣ 128 ይላል። «ግፊትዎ ቆንጆ ነው እማማ» ይባላሉ። እሳቸው ግን ራስ ምታት አለባቸው። ደግሞ «ልብስ ሳጥብ ግራ እጄ ይዝላል፣ ጨምቄ ሳልጨርስ አረፍ ማለት አለብኝ» ይሉ ነበር። ይህን ሁሉም ሰው የእርጅና ነገር ብሎ አለፈው።

አንድ ቀን ግራ እጃቸው ላይ መርፌ ተወግተው ስለመጡ በቀኙ ለካሁ። 158 በ88። ደነገጥኩ። ግራውን ስለካው 132 በ80። ደገምኩ፤ ቀኝ 152፣ ግራ 126። ሦስተኛ፤ ቀኝ 154፣ ግራ 128። የመጀመሪያውን ትተን ስናማክል ቀኝ 153፣ ግራ 127። ልዩነቱ 26። በተራ ብንለካውም፣ ብናሳርፋቸውም አልጠፋም። ሁለቱን የእጅ አንጓ በአንድ ጊዜ ይዤ ትርታቸውን ስዳስስ የግራው ደከም ያለ ነበር፣ ከቀኙም ትንሽ ዘግየት ይል ነበር።

እኒህ እናት ለዓመታት ግፊት ነበረባቸው። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት አልነበረም፣ የተጻፈው ግን የጠበበው ክንድ ቁጥር ነበር። ሐኪሙ ሌላ ቦታ ልኮ በአልትራሳውንድ የደሙን ፍሰት አስመረመረ። ወደ ግራ ክንድ የሚሄደው ቧንቧ፣ ከአንገት በታች ባለው አጥንት ስር ሳያልፍ ገና ከዋናው ቧንቧ ሲነሳ ጠቦ ተገኘ። የግፊት መድኃኒት ተጀመረላቸው፣ ኮሌስትሮል የሚቀንስና የደም መርጋትን የሚከላከልም ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ደብተራቸው ሽፋን ላይ በትልቁ «ቀኝ ክንድ ብቻ ይለካ» ተብሎ ተጽፏል።

ለከፍተኛው ክንድ ብዬ መድኃኒት ብወስድ፣ ዝቅ ያለው ክንድ ከመጠን በላይ አይወርድብኝም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰውም በዚህ ፍርሃት መድኃኒቱን ያቋርጣል። የዝቅተኛው ክንድ ቁጥር ይወርዳል፣ ልክ ነዎት። ነገር ግን ያ ቁጥር የአንድ ክንድ ብቻ ነው። አንጎልና ልብ የሚያገኙትን ግፊት የሚነግርዎ ከፍተኛው ክንድ ነው። ስለዚህ በጠበበው ክንድ 105 አይተው መድኃኒት አያቁሙ። ማዞር ካለ፣ ሲነሱ ዓይንዎ ከጨለመ፣ በከፍተኛው ክንድ ይለኩና ቁጥሩን ይዘው ሐኪምዎን ያናግሩ።

ቧንቧው ለምን ይጠባል?

በዕድሜ ገፋ ባለ ሰው ዋናው ምክንያት የቧንቧው ግድግዳ ላይ የሚጋገር ስብ ነው። ሲጋራ፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ራሱ ግፊቱ ያፋጥኑታል። ከቀኙ ይልቅ ግራው ላይ በብዙ እጥፍ ይበዛል። ለዚህ ነው ግራ ክንድ ብቻ የመለካት ልማድ የሚያሳስበኝ።

ብዙዎች ምንም አይሰማቸውም። የሚሰማው ሰው ደግሞ ክንዱን ሲያሠራ ነው የሚሰማው። ልብስ ሲያጥብ፣ ሊጥ ሲያሸት፣ ግድግዳ ሲቀባ ክንዱ ይዝላል፣ ያመዋል፣ ሲያርፍ ይተወዋል። ክንዱን ሲያሠራ የሚያዞረው፣ ዓይኑ ብዥ የሚልበት ሰውም አለ። ክንዱ ደም ሲያጣ፣ በአንገት በኩል ወደ አንጎል ጀርባ ይሄድ የነበረውን ደም ወደ ራሱ ስለሚስብ ነው። ይህን ካዩ ለሐኪም ሲናገሩ «ያዞረኛል» ብቻ ብለው አይለፉ። «እጄን ስሠራበት ያዞረኛል» ይበሉ። ሐኪሙ መንገዱን የሚያገኘው በዚያች ቃል ነው።

ገና ወጣት ነኝ። እኔንም ይመለከተኛል?

ቧንቧ ላይ የሚጋገር ስብ በወጣት ላይ ብርቅ ነው። በወጣት ላይ ከ15 በላይ የጸና ልዩነት ሲገኝ ግን እኛ ይበልጥ ነው የምንጠነቀቀው።

አንዱ ምክንያት ታካያሱ የሚባል ሕመም ነው። የሰውነት መከላከያ ራሱ ትልልቅ ደም ቅዳ ቧንቧዎችን ያቆጣና ያጠባል። ይበልጥ የሚያጠቃው ወጣት ሴቶችን ነው። መጀመሪያ ላይ ድካም፣ የማይገባ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ብቻ ሊኖር ይችላል። ቆይቶ ክንድ ይዝላል፣ የአንጓ ትርታ ይጠፋል። የዚህ ሕመም አስቸጋሪ ነገር ሁለቱም ክንዶች አብረው ሊጠቡ መቻላቸው ነው። ያኔ ግራና ቀኝ ይቀራረባሉ፣ ሁለቱም ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ሰው ግን ውስጥ ውስጡን ከፍተኛ ግፊት አለበት። እንዲህ ሲጠረጠር በእግር ይለካል።

ሌላው ከእናት ማሕፀን የሚመጣ የዋናው ቧንቧ ጥበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በክንድና በእግር መካከል ነው፤ ክንድ ከፍ፣ እግር ዝቅ ይላል። ጥበቱ ያለበት ቦታ ላይ ተመሥርቶ በሁለቱ ክንዶች መካከልም ሊታይ ይችላል። በወጣትነቱ ግፊት የተገኘበት ሰው ሁለቱም ክንዱና እግሩ መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

ልዩነት አይቼ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የምሮጥበት ጊዜ አለ?

አለ፣ ሁለት።

አንደኛው፣ ድንገት የሚጀምርና የሚቀድድ የሚመስል ኃይለኛ የደረት ወይም የጀርባ ሕመም ሲኖር ነው። ከዚያ ጋር ላብ፣ ራስን መሳት፣ አንድ እግር ወይም እጅ መስነፍ ሊኖር ይችላል። የዋናው ደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ግራና ቀኙ ከ20 በላይ ሊለያይ ይችላል። ባይለያይም ግን ሕመሙ ብቻውን ይበቃል። ለመለካት ጊዜ አያጥፉ። «ልብ ነው» ብለው ቤት ያለ አስፕሪንም በራስዎ አይስጡ፣ በዚህ ሕመም ላይ ሊጎዳ ይችላል። በተገኘው መኪና ወዲያው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሁለተኛው፣ አንድ ክንድ ድንገት ሲያም፣ ሲቀዘቅዝ፣ ሲገረጣ፣ ሲደነዝዝ እና ትርታው ሲጠፋ ነው። ማሽኑ በዚያ ክንድ ላይ ቁጥር ሊያወጣ አይችል ይሆናል። የረጋ ደም ቧንቧውን ዘግቶት ይሆናል። የልብ ቫልቭ ችግር ያለባቸው፣ ልባቸው ሥርዓት አጥታ የምትመታባቸው ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ክንዱን ለማዳን ያለው ጊዜ በሰዓታት ነው የሚቆጠረው። በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፉ፣ እያሹ አይቆዩ።

ልቤ ምቷ የተዛባ ነው ተብያለሁ። የእኔ ቁጥር ለምን ይዘላል?

ምቱ ሥርዓት ሲያጣ አንዱ ምት ብዙ ደም ይገፋል፣ ቀጣዩ ጥቂት። ማሽኑ የትኛው ላይ እንደወደቀ ነው ልዩነቱ። ስለዚህ የአንድ ቀን ልዩነት ብዙም አይታመንም። ባለሙያ በማዳመጫ ደጋግሞ ይለካልዎ።

የማይለካ ክንድ አለ?

ለኩላሊት እጥበት የተሠራ የደም መስመር ያለበት ክንድ ላይ በፍጹም አይታሰር። ጡት ቀዶ ሕክምና ላይ የብብት እጢ የወጣበት ወገን ከሆነ ቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ። ጉሉኮስ የተሰካበት ክንድም ይዝለሉት። በእነዚህ ሰዎች ላይ ሁለቱን ክንድ ማወዳደር ስለማይቻል የአንጓ ትርታን መዳሰስ ይበልጥ ይጠቅማል።

ሐኪም ጋ ስሄድ ምን ይዤ ልሂድ? እዚያስ ምን ያደርጉኛል?

ቁጥሩን ብቻ አይጻፉ፣ ክንዱንም ይጻፉ። «152 ቀኝ፣ 130 ግራ፣ ጠዋት፣ በቀኝ የተጀመረ» እንደማለት። የሦስት አራት ቀን ይበቃል። ማሽንዎንም ይዘው ይሂዱ፣ ከእነሱ ጋር ይመሳከራል።

ሐኪሙ የሁለቱን እጅ ትርታ አብሮ ይዳስሳል፣ ከአንገት በታች በማዳመጫ ያዳምጣል። ደም በጠበበ ቦታ ሲያልፍ ሹ የሚል ድምፅ አለው። ከዚያ የደም ፍሰትን የሚያሳይ ዶፕለር አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም ቧንቧውን የሚያሳይ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። የደም ምርመራም ይኖራል። ጥበት ተገኘ ማለት ቀዶ ጥገና ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው በመድኃኒትና ሲጋራ በመተው ይታከማል። ቧንቧውን ማስፋት የሚታሰበው ክንዱ ሥራ ሲከለክል፣ ሲያዞር ወይም ሌላ የተለየ ምክንያት ሲኖር ነው።

ከእንግዲህ በየቀኑ ሁለቱንም ልለካ?

አያስፈልግም። መጀመሪያ ሲጀምሩ ሁለቱንም በደንብ ይለኩ፣ ከፍ ያለውን ይለዩ። ልዩነት ከሌለ የሚመችዎን አንዱን ይምረጡና በእሱ ይቆዩ፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ አይቀያይሩ። በዓመት አንዴ ሁለቱን መልሶ ማየት ጥሩ ነው። ክትትል ቦታ ሲደርሱ ደግሞ ሰልፉ ቢረዝምም፣ ነርሷ ብትቸኩልም፣ «እኔ የምለካው በቀኝ ነው» ብለው ይንገሯት። ቅር አይላትም። እኔ እንደዚያ ሲሉኝ ደስ ይለኛል።